ሚስቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ዓይኔ አልለመዳትም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ 45 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 39። ከተጋባን 15 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ስድስት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ከአራት ወር በፊት ተመለሰች። በኢሞ በየሳምንቱ እንተያይ ነበር። ኤርፖርት ስትወጣ ግን መጀመሪያ አላወቅኋትም። ፊቷን ማድያት ወርሶታል፣ ፀጉሯ ከፊት ሳስቷል፣ በጣም ወፍራለች። ደነገጥኩ፤ መደንገጤን ያየችብኝ ይመስለኛል። አሁን ማታ ሻሽ አስራ ነው የምትተኛው። መብራት ሳይጠፋ ልብሷን አትቀይርም። «አርጅቻለሁ አይደል?» ትለኛለች፤ «ኧረ በፍጹም» እላለሁ። የሚገርመኝ፣ ከሥራ ቦታ ስደውልላት እንደ ድሮው ትናፍቀኛለች። ቤት ስገባ ግን ዓይኔ ይሸሻል። በራሴ አፍራለሁ፤ ቤቱን የሠራነው በእሷ ብር ነው። ትልልቅ ሰዎች «ትዳር ሲቆይ መልክ ይረሳል» ይላሉ። እውነት ነው? ኤርፖርት ላይ መደንገጤንስ ልንገራት?

ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ የቆምኩት ማድያቱ ላይ አይደለም፤ ስደውልላት ትናፍቀኛለች ያልከው ላይ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ሌላ መልስ ነበር የምጽፍልህ። ድምፅዋን ስትሰማ የምታውቃት ሴት ናት። ስታያት ሌላ ሰው ትሆንብሃለች። ጆሮህ ስድስቱን ዓመት አብሯት ኖሯል፤ በየሳምንቱ ሳቋን፣ ድካሟን፣ ቁጣዋን ሰምቷል። ዓይንህ ግን እሷ ከሄደችበት ቀን አልተነቃነቀም።

ትልልቆቹ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ግን «መልክ ይረሳል» ሲሉ መንገዱን አይነግሩህም። መንገዱ በየቀኑ መተያየት ነው። አብረው የከረሙ ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላቸውን እርጅና አያዩትም፤ ለውጡ በጣም ትንሽ በትንሽ ስለሚመጣ ዓይን ዛሬን ከትናንት ጋር እያስታረቀ ይሄዳል። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረውን ባል ጠይቀው፤ «እሷ እኮ ምንም አልተለወጠችም» ይልሃል። አይዋሽም። ያቺ የሠርጉ ፎቶ ላይ ያለችው ልጅ ከብዙ ጊዜ በፊት ከዓይኑ ሄዳለች፤ እያንዳንዷ ቀን ትንሽ ትንሽ እየወሰደቻት፣ እሱም ሳይታወቀው እየለቀቀ። አንተ ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ሳትሠራው ቀርተህ በአንድ ደቂቃ፣ ሻንጣ በሚገፋበት በር ላይ ጨርሰው ተባልክ። መደንገጥህ አይገርምም።

«በኢሞ እንተያይ ነበር» ማለትህን አልዘነጋሁም። ግን በኢሞ ምን ታይቷል? ፊት ብቻ፤ እሱም ከላይ ተይዞ፣ ማታ፣ በደብዛዛ መብራት፣ ኔትዎርኩ ሲደክም እየፈዘዘ። ብዙ እህቶቻችን ደግሞ ከመደወላቸው በፊት ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የስልኩን ማሳመሪያ ከፍተው ነው የሚቀርቡት። ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ነው። ሰውነቷ፣ አካሄዷ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ማጠሩ በስክሪን አይታይም። እንዲያውም ኢሞ ከአለማየት የከፋ ነገር ሠርቶብሃል። እያየኋት ነው ብለህ እንድታምን አድርጎሃል።

አሁን ስለ መልክና ስለ ጊዜ ሰዎች ያጠኑትን ልንገርህ፤ ለአንተ ጉዳይ ይጠቅማል።

ዴቪድ ስሎን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጥናት አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከብዙ ዓመት በፊት የጨረሱ ሰዎችን የድሮ የክፍል ጓደኞቻቸውን ፎቶ አሳይተው «ይህ ሰው ምን ያህል ያምራል?» አሏቸው። ያንኑ ፎቶ ደግሞ ልጆቹን ፈጽሞ ለማያውቅ እኩያ ሰው አሳዩ። መልሱ ተለያየ። የሚያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ላይ ያለውን ፊት ብቻ አላዩም፤ ሲወዱት የነበረው ልጅ አማረባቸው፣ ያልወደዱት አስጠላቸው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም!

እዚያው ጥናት ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የጣመኝ የዩኒቨርሲቲ የቀዘፋ ቡድን ነው። አባላቱ አንዳቸው የሌላቸውን መልክ እንዲመዝኑ ተጠየቁ። በልምምድ የሚለግመውን አንዱን ልጅ ጓደኞቹ ሁሉ መልከ ጥፉ አደረጉት። ከማንም በላይ የሚለፋውን ደግሞ ቆንጆ አሉት። የማያውቋቸው ሰዎች ሁለቱን በፎቶ ሲያዩ ግን ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። አብረው የሚቀዝፉት ሰዎች ግን ላቡንም፣ ልግመቱንም ፊቱ ላይ ነው ያዩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሉሲ ሀንት፣ ፖል ኢስትዊክና ኢሊ ፊንክል 167 ጥንዶችን አጠኑ። ከተዋወቁ ብዙም ሳይቆዩ ፍቅር የጀመሩት በመልክ የተመጣጠኑ ሆነው ተገኙ፤ ቆንጆ ከቆንጆ፣ መካከለኛ ከመካከለኛ። ለረጅም ጊዜ ሲተዋወቁ ቆይተው የጀመሩት ዘንድ ግን መመጣጠኑ ደበዘዘ። ለሌላ ሰው «እንዴት ተገናኙ?» የሚያሰኙ ጥንዶች እዚያ ውስጥ ናቸው። መተዋወቅ ዓይንን ይለውጣል ማለት ነው።

ይህን ይዤ «አይዞህ፣ መልክ ምንም አይደለም» ብልህ ግን እዋሽሃለሁ። አዲስ ተጋቢዎችን ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የተከታተሉ ሌሎች አሜሪካዊ ጥናቶች አሉ። እዚያ የሚስት መልክ ከባል እርካታ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፣ በመጀመሪያም፣ ከዓመታት በኋላም። የሚስቶች እርካታ ግን በባል መልክ ላይ ያን ያህል አልተንጠለጠለም። (ይህን ሳነብ ለሴቶቹ አዘንኩ። ግን ያለው ይህ ነው።) ስለዚህ መልክ አይረሳም። የሚሆነው ከምታውቀው ነገር ጋር መቀላቀሉ ነው፤ ለመቀላቀል ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር መዋልን ይፈልጋል። አንተ የስድስት ዓመት ትዝታ አለህ፣ የአራት ወር እይታ አለህ፤ ሁለቱ ገና አልተቀላቀሉም። ቤት ስትገባ ዓይንህ በሸሸ ቁጥር ደግሞ የሚቀላቀሉበት ጊዜ ይረዝማል። የማታየውን ነገር አትለምድም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር። እናንተ ቤት ሁለት ሰዎች እየተደበቁ ነው። እሷ በሻሽና በጨለማ፣ አንተ በዓይንህ።

የማውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው አሽከርካሪ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ተበላሽተው ሦስቱ ወለቁ። ከዚያ ወዲህ መሳቅ ተወ። ሲያወራ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፣ ለመሳም ሲቀርብ ጉንጩን ይሰጣል። ሚስቱ ዓመት ሙሉ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ስትጠረጥር ከረመች። ለእኔ ስታጫውተኝ «ጥርሱን እኮ ከቁብም አልቆጠርኩትም፤ እኔን ያስቀየመኝ ዘግቶኝ መቀመጡ ነው» አለችኝ። በኋላ እሷው ክሊኒክ ወሰደችው፣ ተነቃይ ጥርስ አስገባ። ጥርሱ ከራሱ ጥርስ ጋር በቀለም እንኳ አይመሳሰልም። ግን መሳቅ ጀመረ፤ ለእሷ ደግሞ ያ በቃት። መልክ ሲለወጥ አንድ ነገር ይጎድላል፤ የተለወጠው ሰው መደበቅ ሲጀምር ግን ሳቁም፣ መነካካቱም፣ ጨዋታውም አብሮ ይሄዳል። የትዳር ጓደኛው ያጣው ይህን ሁሉ ሆኖ ሳለ ሁሉም ነገር ጥርሱ ላይ ይላከካል።

ስለዚህ አንተ የምትጀምረው ከመብራት ነው። አሁኑኑ ሻሹን አውልቂ አትበላት፤ ያ ጭካኔ ነው። በቀን ብርሃን ፊት ለፊት የምትቀመጡበት ሰዓት ፍጠር። ቡና ስታፈላ ቴሌቪዥን ላይ አትፍጠጥ፤ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥ። ስታወራህ ፊቷን እያየህ ስማት። ስልክህ ላይ ያለው ፎቶ የሠርጋችሁ ከሆነ ወይም ከመሄዷ በፊት የተነሳችው ከሆነ፣ ከልጆቹ ጋር ባለፈው ሳምንት በተነሳችው ተካው። የድሮውን ጣለው ማለቴ አይደለም፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ አትየው ነው የምልህ። በከፈትከው ቁጥር ዓይንህን ወደ ኋላ እየመለስከው ነው።

የቀዘፋ ቡድኑንም አስበው። እሷን ሥራ ላይ እያት። ስድስት ዓመት ሪያድ የኖረች ሴት አረብኛ ተናግራ ታግባባለች፣ የሰው ቤት ከነልጆቹና ከነእንግዳው አስተዳድራለች፣ አንተ የማታውቀውን ምግብ ትሠራለች። ከመጣች ወዲህ ግን እንደ ታመመ እንግዳ «አረፍ በይ» እየተባለች ይመስለኛል። ቤታችሁ ያላለቀ ነገር ካለ፣ አጥር ይሁን ንጣፍ፣ አብራችሁ ግዙ፣ አብራችሁ ተከራከሩ። ገበያ ላይ ዋጋ ስታወርድ አጠገቧ ቁም። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ገና አላየህም። ማድያቱንና እሷን አንድ ላይ የምታየው እንደዚያ ባለ ሰዓት ነው፤ እንደዚያ ስታያት ማድያቱ ለብቻው ጎልቶ መውጣቱን ይተዋል።

«አርጅቻለሁ አይደል?» ለምትለው ጥያቄ «ኧረ በፍጹም» ማለትህን አቁም። አታምንህም። አንተ ሳታውቃት ስታልፍ አይታለች፤ መስታወትም አላት። ሐሰቱ ባየለ ቁጥር «እንዲህ የሚዋሸኝ ምን ያህል ቢያስፈራው ነው» ብላ ታስባለች። «ለእኔ መልክ ምንም አይደለም» የሚለውም አይሁን። ደግ ንግግር ይመስላል፤ ለሴት ጆሮ ግን «አስቀይመሻል፣ ግን ችዬሻለሁ» ማለት ነው።

እንዲህ ብትላትስ? «ተለውጠሻል። እኔም ተለውጫለሁ፤ ሆዴን አታዪውም? መልመድ ፈልጌያለሁ፣ አንቺ ግን እየተደበቅሽብኝ ነው።» እውነቱን ይናገራል፤ አንተንም ይጨምራል፤ ምን እንደምትፈልግም ይነግራታል። ልታለቅስ ትችላለች። ይሁን። ከዚያ ስለ ክሬምም፣ ስለ ስፖርትም እንዳታነሳ፤ ያን ቀን አይሆንም። እውነት ተናግረህ ወዲያው መፍትሔ ከደረደርክ የምትሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ «ሆዴን» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በደብዳቤህ ስለ እሷ ሦስት ነገር ዘረዘርክ፤ ስለ ራስህ ዕድሜህን ብቻ ነገርከኝ። እሷስ ኤርፖርት ላይ ማንን አየች? የ39 ዓመት ወንድ ትታ ሄዳ የ45 ዓመት ሰውዬ ነው የተቀበላት። ሽበቱ፣ ራስ ላይ ያለው መላጣ፣ ማታ ማንኮራፋቱ ለእሷም አዲስ ነው። ጠይቃት። ስቃ ከመለሰችልህ ብዙ መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጤናው። እዚህ ላይ ፍቅርና ትዕግሥት አይበቁም፤ ሐኪም ያስፈልጋል። ፀጉር መሳሳት፣ ክብደት መጨመርና ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ዝም ብሎ «ዕድሜ ነው» ማለት ስህተት ነው። የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲቀንስ እነዚህን ሁሉ ያመጣል፤ ብርድ አለመቻልና የሆድ ድርቀትም ይጨምራል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። የደም ማነስና የብረት እጥረትም ፀጉር ያረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የታይሮይድና የደም ምርመራ ታድርግ። «ከመጣሽ ሙሉ ምርመራ አላደረግሽም፣ እኔም አላደረግኩም፣ አብረን እንሂድ» በላት። አንተም የምርህን ተመርመር፤ በ45 ዓመትህ ደም ግፊትና ስኳር መለካት አለብህ።

የፀጉሩ ነገር ከፊት በኩል ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያትም አለ። ቀኑን ሙሉ ፀጉርን አጥብቆ አስሮ ከላይ መሸፈን፣ ጠበቅ ያለ ሹሩባ፣ የማያቋርጥ ሻሽ፣ ግንባር አካባቢ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይጎትተዋል። ጉተታው በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለና ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ካብለጨለጨ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኗልና አይመለስም። ስለዚህ ማታ የምታስረው ሻሽ ችግሩን እየደበቀ ችግሩን እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙ ቢነግራት ይሻላል፤ ከአንተ አፍ ከወጣ ስለ ሻሹ ማጉረምረም ነው የሚመስላት። ቅቤው ፀጉር ያለሰልሳል፣ ደስም ይላል፤ የሞተ ሥር ግን አያበቅልም። ሌላ ዓይነት መርገፍ ደግሞ አለ፤ ከከባድ ጭንቀት ወይም ሕመም በኋላ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ከመላው ራስ ላይ በእፍኝ የሚወጣ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይቆማል።

ማድያቱን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ከሱቅም ሆነ ከጎረቤት «ፊት የሚያጠራ» ክሬም እንዳትገዛላት፣ ለልደቷም ቢሆን። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ያፈካል፣ ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፤ ስታቆመው ደግሞ ጥቁረቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ምናልባት ሪያድ ሳለች ጀምራው ይሆናል፤ ለሐኪሙ ስሙን ሳትደብቅ ትንገረው፣ ወይም ዕቃውን ይዛ ትሂድ።

ማድያትን የሚያመጡት ሆርሞንና ብርሃን ናቸው። እርግዝና፣ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ ኪኒንና መርፌ ያባብሱታል፤ ከመጣች በኋላ አንዱን ጀምራ ከሆነ ይህንንም ታንሳ። ሕክምናው የሚጀምረው በፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው፤ ዕቃው ላይ SPF የሚለው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ በየቀኑ፣ ደመና ቢሆንም። ውጭ ከዋለች በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ከተገኘ ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ከፀሐይ ጨረር ሌላ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል። ጥቁረቱን የሚቀንስ መድኃኒት ካስፈለገ የቆዳ ሐኪም ለተወሰኑ ወራት እየተከታተለ ያዛል። አዲስ አበባ መምጣት የምትችሉ ከሆነ አለርት ሆስፒታል ትልቅ የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ለውጥ ለማየት ወራት ይፈጃል፤ ፈጽሞ ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይመለሳል። ስለዚህ «ማድያቱ ሲለቅ እንደ ድሮው እንሆናለን» ብለህ ቀጠሮ አትያዝ።

የክብደቱን ነገር እኛ አገር ለየት ያደርገዋል። ዘመድ ሁሉ «ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል!» ብሎ በአድናቆት ነው የተቀበላት። አንተ ፊት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አንብባለች። የቱን ትመን? ምርመራው ደህና ከሆነና እሷ ራሷ መቀነስ ከፈለገች፣ ማታ ማታ አብራችሁ ተራመዱ። እሷ ካላነሳችው አንተ አታንሳው።

አሁን ስለ ብሩ። ማፈርህ ልብ እንዳለህ ያሳየኛል፤ ግን ውለታ የራሱ ወጥመድ አለው። ሚስትህን እንደ ባለ ውለታ ማየት ስትጀምር ትንከባከባታለህ፣ ትታዘዛታለህ፣ «እሷ ያልሆነችልኝ ነገር የለም» ትላለህ፤ እያደር ግን ታላቅ እህትህ ትሆናለች። እዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ሲያይ ይሸሻል እንጂ አይመኝም። ዓይንህ የሚሸሸው ከማድያቱ ብቻ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከእዳውም ሊሆን ይችላል። ማድያቷንና ፀጉሯን ባየህ ቁጥር ቤታችሁ የተሠራበትን ዋጋ ነው የምታየው። ይህን ለራስህ ብታምን የሚቀል ይመስለኛል። ለእሷ ማመስገን ካለብህ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ፣ በዝርዝር፣ ልጆቹ እየሰሙ አመስግናት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንገትህን አትድፋ። ተጨቃጨቅ፣ ቀልድ፣ አኩርፍ፣ እንደ ባል።

የተሳሳትኩ እንደሆነ የምታውቅበትንም ልንገርህ። በስልክም መናፈቁ ከቀረ፣ ድምፅዋ ራሱ ማናደድ ከጀመረ፣ ወይም እሷ በሌለችባቸው ዓመታት ሌላ ሰው ገብታ ከነበረና አሁን የምታነጻጽረው ከዚያች ጋር ከሆነ፣ ጉዳዩ መልክ አይደለም። ማድያቱ ሰበብ ነው፤ ያን ጊዜ የጋብቻ አማካሪ ወይም የምታከብሩት የንስሐ አባት ወይም ኢማም ፊት ሌላውን ታሪክ አምጣው። ሌላም አለ። ስትነካት የምትደነግጥ ከሆነ፣ ሌሊት የምትባንን ከሆነ፣ ስለ አሠሪዎቿ ሲነሳ ዝም የምትል ከሆነ፣ መብራት የምታጠፋው በፀጉሯ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሰው ቤት የሠሩ ብዙ ሴቶች የማይናገሩትን ነገር ይዘው ይመለሳሉ። አትመርምራት፣ አትጠይቃት፤ ለመናገር ሲመጣላት የሚሰማት ባለሙያ እንዳለ ብቻ ንገራት፣ አንተም አጠገቧ ሁን።

ኤርፖርት ላይ መደንገጥህን ልንገራት ወይ ላልከው፦ ታውቃለች። አንተ ሄደህ ሳትጠየቅ ብትናዘዝ ሸክምህን ከራስህ አውርደህ እሷ ላይ ትጭናለህ። እሷ ራሷ «ያን ቀን አላወቅኸኝም አይደል?» ካለችህ ግን አትካድ። «አላወቅሁሽም፤ ስድስት ዓመት ነው እኮ። አንቺስ ወዲያው አወቅሽኝ?» በላት።